በኤዶ ደረሰኝ ላይ ያላየሁት መስመር

ጅግጅጋ በመምህርነት በተመደብኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ቅዳሜና እሁድ ለውጭ ሰዎች የንግድ ምልክት እየሠራሁ ክፍያዬን በዩኤስዲቲ፣ ማለትም በዲጂታል ዶላር እቀበል ነበር። በዩኤስዲቲ ዳቦ አይገዛም። ስለዚህ ሰው ከሰው በሚገበያይበት መተግበሪያ ላይ በብር እሸጠዋለሁ። ዋናዋ ደንበኛዬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ዕቃቸውን በዩኤስዲቲ እየከፈሉ ከዱባይ የሚያስመጡ ሴት ነበሩ። ሰው ሁሉ ኤዶ ይላቸዋል፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። እኔም ኤዶ እላቸው ነበር።

«እዚሁ ሱቄ ቁጭ ብለህ ሻይዬን እየጠጣህ፣ በስልክ ትሸጥልኛለህ?» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ፤ ጠንቃቃ ያልኩት ፈሪ ላለማለት ነው። እሳቸው ግዢ ሲያዝዙ መተግበሪያው ዩኤስዲቲዬን በአደራ ቆልፎ ይይዛል። ብሩን ወደ ባንክ ሂሳቤ ልከው «ከፍያለሁ» የሚለውን ይጫናሉ። እኔ መግባቱን አይቼ እለቅላቸዋለሁ።

ስልኩን ሁልጊዜ የምትነካካላቸው ትልቋ ልጃቸው ነበረች። አንድ ሐሙስ ልጅቷ ሀርሺን ከተማ ሄዳ ኤዶ ራሳቸው አዘዙ፣ ራሳቸው ላኩ፣ «ከፍያለሁ» አሉ። የደረሰኙንም ፎቶ ላኩልኝ፤ ስሜ አለ፣ የብሩ መጠን አለ። ባንኬን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ዘግቼ ከፈትኩ፣ ምንም። ብሩ የአንድ ወር ተኩል ደሞዜን ያህል ነበር።

ደወሉልኝ። «መምህር፣ ልቀቅልኝ እንጂ፣ የዱባዩ ሰውዬ ዛሬ ካልደረሰው ጨርቄን ለሌላ ይሰጥብኛል።»

«ኤዶ፣ አልገባም።»

«ገብቷል። ከእኔ ወጥቷል።»

እስከ ከሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ ሱቃቸው ድረስ ሄድኩ። ግራና ቀኝ ያሉት ነጋዴዎች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ዝቅ ማድረግ ስችል አላደረግሁም። «ኤዶ፣ ደረሰኝ እኮ በስልክ ይፈበረካል፤ እኔን በዚህ አይሸውዱኝም» አልኳቸው። የጎረቤት ሱቅ ሰውዬ የሚለካውን ጨርቅ ይዞ ቀጥ አለ። ኤዶ ዕቃቸውን በቃላቸው ከሰው ወስደው፣ በቃላቸው ለሰው የሚሰጡ ሴት ናቸው። ወረቀት የሚባል የላቸውም። የትከሻ ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

ቤቴ ገብቼ ለመተግበሪያው ዳኞች አቤት አልኩ። ዳኛው ሁለታችንንም ማስረጃ ጠየቀ። እኔ የባንክ መተግበሪያዬን ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ዕለቱ ዝርዝር ድረስ በስልኬ ስክሪን ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ። እሳቸው ያንኑ ደረሰኝና ብሩ ከእሳቸው መውጣቱን የሚያሳየውን ዝርዝር ላኩ። ፍርዱ በማግስቱ ጠዋት ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው በውይይቱ ሳጥን ጻፈ፤ ገዢዋ የከፈሉት በትዕዛዙ ላይ ወደተጠቀሰው የባንክ ሂሳብ ሳይሆን ወደ ሌላ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ሻጩ ብሩ እንደደረሰው እስካላመነ ድረስ ዩኤስዲቲው ለሻጩ ይመለሳል።

የትኛው ሌላ ቁጥር? ደረሰኙን አሳድጌ አየሁት። ከስሜ ሥር ያለው የገዛ ስልክ ቁጥሬ ነበር። እዚህ ከተማ ሰው ለውኃም ለጫትም የሚከፍለው በስልክ ቁጥር ነው፤ እኔም እንደመጣሁ ሰሞን ለቤት አከራዬ ብዬ በስልክ ቁጥሬ የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ከፍቼ ነበር፣ ከዚያ ረሳሁት። ማስታወቂያ ሲያበዛብኝም መልእክቱን አገድኩት። ኤዶ ደግሞ ለሰው ገንዘብ ሲልኩ የሚያውቁት የሰውየውን ስልክ ነው። የሞባይል ገንዘቡን ኮድ ደወልኩ፣ የምስጢር ቁጥሬን በሦስተኛው ሙከራ አስታወስኩ። ብሩ ቁጭ ብሏል፣ ሳንቲም ሳይጎድል፣ ከሐሙስ ጀምሮ።

ዝም ብል ብሩም ዩኤስዲቲውም የእኔ ነበሩ። ደንቡም ለእኔ ነው። ይህን ማሰቤን አልደብቅም፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ አስቤዋለሁ፣ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከዚያ ክፍያው ደርሶኛል ብዬ ለዳኛው ጻፍኩና ዩኤስዲቲውን ለቀቅሁላቸው።

ሱቃቸው ሄጄ ጠጋ ብዬ በለሆሳስ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ ኤዶ እጃቸውን አነሱ። «እዚህ አይደለም» አሉ፣ «ትናንት የቆምክበት።» ወደ ደጃፉ ወጣሁ። ጎረቤቶቹ እየሰሙ፣ በአማርኛም በተሰባበረ ሶማሊኛዬም፣ ኤዶ ከፍለው ነበር፣ ያላየሁት እኔ ነኝ አልኩ። የጎረቤት ሱቁ ሰውዬ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ኤዶ «በቃ፣ አልቋል፣ ግባ» አሉኝና ሻይ አዘዙልኝ። የዱባዩ ሰውዬ ጨርቁን ለሌላ ሸጦት ነበር፤ ይህን ኋላ ከልጃቸው ሰማሁ እንጂ እሳቸው አልነገሩኝም።

ልወጣ ስል ለእናቴ አንድ ነጠላ ገዛሁ። ዋጋውን እዚያው ቆሜ በስልክ ላክሁላቸው፣ «ልኬያለሁ ኤዶ» አልኩና ነጠላውን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው መዳፋቸውን በስሱ ነጠላው ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ስልካቸውን አንስተው «ይግባ እስኪ፣ መምህር» አሉ፣ ሁለታችንም መልእክቱ እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን።