እንግዶቹ እስኪሄዱ

አባቴ የሚተነፍሰው ጉሮሮው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ ነበር። መናገር ስለማይችል አክታ ሲሞላበት የአልጋውን ጠርዝ ያንኳኳል፤ እኔም በመምጠጫ ማሽኑ እስብለታለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነጋዴ ወዳጆቹ ሊጠይቁት ከድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ ጅግጅጋ ቤታችን ድረስ መጡ። የማሽኑ ጩኸትና አክታው አሳፍሮኝ ማሽኑን አልጋው ሥር ገፋሁት። በደረቁ ነፋስ አክታው እንዳይጠጥር ቱቦው አፍ ላይ የምናደርገውን እርጥብ ፋሻ ደግሞ ገና ጠዋት፣ ቤቱን ሳሰናዳ፣ አንስቼዋለሁ።

አባቴ አንኳኳ። ሰማሁት።

"ሻይ ልጨምርላችሁ?" አልኳቸው።

ደግሞ አንኳኳ። ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ፤ አየር በሳበ ቁጥር አንገቱ ሥር ይሰረጉዳል።

"ልጄ፣ የአባትህ ከንፈር ጠቆረ እኮ" አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንደኛው።

እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ በቱቦው ውስጥ የሚገባውን ተነቃይ ቱቦ መዛ አወጣችው። በደረቀ አክታ ተደፍኗል። ማሽኑን ጎትቼ ሰጠኋት፤ የቀረውን ስባ ንጹሑን ተለዋጭ አስገባች። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ተመለሰ።

አባቴ እስክሪብቶ ጠየቀና "ሰምተኸኝ ነበር?" ብሎ ጻፈ።

"አልሰማሁም" አልኩት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አቀርቅረው ብርጭቆአቸውን ያዩ ነበር።