ለአሥራ ሦስት ብር ሦስት ከረሜላ

የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ የገንዘቡ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ክፍሌ ጥግ ላይ ሱቅ እከፍታለሁ። ልጅ ገንዘብን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ አይማርም። በእጁ ይዞ፣ ከፍሎ፣ መልስ ተቀብሎ፣ «አነሰኝ» ብሎ ተጨቃጭቆ ነው የሚማረው። ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ክፍሉ ገበያ መሰለ ይላል። እንዲመስል ነዋ የደከምኩት!

የዚያን ዓመት ሱቅ ያቆምነው ከሁለት ዴስክ ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው ባዶ የሳሙና ካርቶን፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የክብሪት ቀፎና ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ አመጡ። ዋጋውን በወረቀት ጽፈን ለጠፍንበት። የወረቀት ብሩን ከካርቶን ቆረጥን፤ አሥሩን አረንጓዴ፣ ሃምሳውን ብርቱካናማ፣ መቶውን ሰማያዊ ቀባነው። ለአንድ ብር ሳንቲም ደግሞ እውነተኛውን ከወረቀት ስር አድርገው በእርሳስ ሲያሹት የአንበሳው ራስ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ የሚጮሁት ጩኸት እስከ ቢሮ ይሰማል። መጽሐፉ ስለ አምስትና ስለ አሥር ሳንቲም ስለሚያወራ ከቤቴ ፈልጌ አምጥቼ አሳየኋቸው። አንዷ አገላብጣ አየችና «ቲቸር፣ የኮት ቁልፍ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እሷ ከተወለደች ወዲህ በአምስት ሳንቲም የተገዛ ነገር አላየሁም።

ሱቁን በከፈትንበት ጠዋት ግን ልቤ ጨዋታ ላይ አልነበረም። ገና ሰልፍ ሳይበተን አንዲት ሴት በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ገበያ ውስጥ ቆጮ የምትሸጥ፣ የአንድ ተማሪዬ አክስት ናት። ልጁን ከገጠር፣ ከጉንችሬ ያመጣችው እሷ ናት። እናቱ ሞታበት አያቱ ዘንድ ነበር፤ እዚህ ይማር ብላ ወሰደችው። ዝምተኛ ልጅ ነው። አማርኛው ገና ስለሚጎረብጥ ሲጠሩት እንኳ መልስ የሚሰጠው ጎንበስ ብሎ ነው።

«ቲቸር፣ ዛሬ የመጨረሻው ነው። በረፍት ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ በጉንችሬ መኪና አሳፍረዋለሁ» አለችኝ።

«ምን ሆኖ?»

«እጁ አመል አወጣ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ ነኝ፣ ሱቅ የምልከው እሱን ነው። ሃምሳ ብር ሰጥቼው ሳሙናውን ያመጣል፣ መልሱን አያመጣም። ስጠይቀው ከረሜላ ነው ይለኛል። በመልሱ ከረሜላ እየገዛ ነው! የከረሜላ ወረቀት ከትራሱ ስር አገኘሁ። ሱቅ ሄጄም ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ የሰፈር ሰው ነው፣ እድርም አንድ ላይ ነን፤ አስተካክዬ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። ሌባ አሳደገች ብለው እንዲያወሩብኝ አልፈልግም።»

ልለምናት ሞከርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ላይ ይታያል፣ ይመከራል፣ ትምህርቱ አይቋረጥ አልኳት። አልሰማችኝም። አያቱ ዘንድ ከተመለሰ ማን ትምህርት ቤት እንደሚልከው ሁለታችንም እናውቃለን። ላም ጠብቆ ይቀራል። እያወቀች ጨክናለች ብዬ በውስጤ እየበገንኩ ክፍል ገባሁ።

ባለ ሱቅ እንድትሆን የመረጥኳት ልጅ አባቷ እዚሁ ሰፈር ሱቅ ያለው ነው። ከትምህርት መልስ እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ስለምትውል ለሥራው አዲስ አይደለችም። ዴስኩ ጀርባ ቆማ ወገቧን ስትይዝ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ግን ስትሠራ ሳቃቸው ቆመ። አንዷ የሃያ ስምንት ብር ብስኩት ገዝታ ሃምሳ ብር ሰጠቻት። ልጅቷ ሃምሳዋን መሳቢያ አልከተተችም፤ መልሱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ፊት ለፊት ዴስኩ ላይ አኖረቻት፣ ኋላ «መቶ ነው የሰጠሁሽ» የሚል እንዳይመጣ። ከዚያ ከዋጋው ተነስታ ወደ ላይ ቆጠረች። «ሃያ ስምንት» አለችና አንድ ብር አስቀመጠች፣ «ሃያ ዘጠኝ»፤ ሌላ አንድ ብር፣ «ሠላሳ»፤ አሥር ብር፣ «አርባ»፤ ሌላ አሥር፣ «ሃምሳ። ተቀበይ።» ሃያ ሁለት ብር። መቀነስ የሚባል ነገር ሳትነካ! እኔ በሰሌዳ ላይ መበደር መዋስ እያልኩ የምለፋበትን ልጅቷ በጣቶቿ ጨረሰችው። አጨበጨብንላት።

ቀጥሎ ተራውን ለዚያ ዝምተኛ ልጅ ሰጠሁት። ዛሬ የሚሄድ ከሆነ ተጫውቶ ይሂድ ብዬ ነው። ብርቱካናማዋን ካርቶን በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

«ሳሙና» አለ።

«ሠላሳ ሰባት ብር» አለችው።

ሃምሳውን ሰጣት። እኔ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ እያልኩ በሆዴ መቁጠር ጀምሬያለሁ። እሷ ግን አልቆጠረችም። ሃምሳዋን ወዲያው መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች። ለከረሜላ ብለን ካስቀመጥናቸው የጠርሙስ ቆርኪዎች ሦስት አነሳችና መዳፉ ላይ አደረገችለት። «ሂድ» አለችው።

እሱም «እሺ» ብሎ ዞረ። ሳሙናውንና ሦስት ቆርኪውን ይዞ ወደ ቦታው ሄደ። አልገረመውም።

ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የሳቁ መስሎኛል። «ከረሜላ ነው ይለኛል» ያለችው የአክስቱ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ልጁ አልዋሸም ነበር። መልሱ ምን እንደሆነ ተጠየቀ፣ መልሱ ከረሜላ ነው ብሎ እውነቱን ተናገረ፣ ለእውነቱ ሌባ ተባለ።

የረፍት ደወል ሲደወል ሌሎቹን አስወጥቼ ሁለቱን አስቀረሁ። ቁጣዬ በልጅቷ ላይ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነክሼ ተንበረከኩና ጠየቅኳት።

«የኔ ቆንጆ፣ ስንት ነበር መልሱ?»

«አሥራ ሦስት።» አላሰበችም እንኳ።

«ታዲያ ለምን ከረሜላ ሰጠሽው?»

«ለሦስቱ ብር ዝርዝር ሲጠፋ ከረሜላ ይሰጣል።»

ይሄስ እኛንም ያጋጥመናል። ዝርዝር የለም ይባላል፣ ማስቲካ ወይ ከረሜላ ተቀብለን እያጉረመረምን እንሄዳለን።

«አሥሩስ?»

«አሥሩማ የሱቁ ነው» አለችኝ፣ እኔን እንደማስተማር እያለች። «ለሱ እንደዚህ ነው። አባዬ ነው ያለኝ። እሱ አይቆጥርም፣ ጠያቂም የለውም።»

ስምንት ዓመት አይሞላትም። ድምጿ ውስጥ ክፋት የሚባል ነገር የለም፤ የጨው ዋጋ የነገረችኝ ያህል ነው። ያስደነገጠኝ ይሄው ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ በየቀኑ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው የምወጣ ሰው፣ ከገዢዎቹ ሁሉ ይሄን ልጅ መርጦ፣ ለሴት ልጁ ደግሞ እንደ ሙያ አስተምሯታል። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ሱቅ ክብሪት ገዝቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ስለ ሰውዬው ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ አክስትየው በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ የልጁን ልብስ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች።

«መኪናው ሊሞላ ነው» አለች።

«አንዴ ግቢ፣ እባክሽ፣ አንዲት ደቂቃ» አልኳትና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። «ሱቅ እየተጫወትን ነው። እዪልኝ።»

ልጁን ሃምሳ ብሩን አስያዝኩት። ልጅቷንም ልክ ቅድም እንዳደረግሽው አድርጊ አልኳት። በነገሩ ያፈረች አልመሰለችም፤ ደግማ መጫወቷ አስደስቷታል። ሳሙና፣ ሠላሳ ሰባት ብር፣ ሃምሳው መሳቢያ ውስጥ፣ ሦስት ቆርኪ፣ ሂድ። እሺ ብሎ ዞረ።

አክስትየው መጀመሪያ አልገባትም። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ሦስቱን ቆርኪ አየች፤ ልጅቷን አየች፤ የማን ልጅ እንደሆነች አወቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፣ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ።

«ለኔ አስተካክሎ ነው የሚሰጠኝ» አለች ቀስ ብላ።

«እርስዎማ ይቆጥራሉ» አለቻት ልጅቷ።

ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ወደ ጨዋታው ተመለስኩ። «አሁን በትክክል ስጪው፣ እንደ ሌሎቹ፣ ቆጥረሽ» አልኳት ልጅቷን። ሃምሳዋን አውጥታ ዴስኩ ላይ አኖረች። «ሠላሳ ሰባት፤ ሠላሳ ስምንት፤ ሠላሳ ዘጠኝ፤ አርባ፤ ሃምሳ። ተቀበል።» ሦስት የእርሳስ አንበሳና አንድ አረንጓዴ አሥር ብር መዳፉ ላይ ተቀመጠ።

ልጁ መዳፉን አየው። አክስቱን አየ። ከዚያ ብሩን ሁሉ አንድ በአንድ ዴስኩ ላይ መለሰው። የሱሪውን ሁለት ኪስ ገልብጦ አወጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን አነሳ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ፊቷ ቆመ።

ማን እንዲህ አድርግ አለው? ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። ከሱቅ በተመለሰ ቁጥር የምታስደርገው ይሄን እንደነበር ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

«ልጄ» አለች። «አትሄድም። የትም አትሄድም፣ ሰምተሃል? ነገ ትምህርት ቤት ትመጣለህ።»

«እሺ» አለ።

እጆቹን ግን አላወረደም። እስክትፈትሸው ይጠብቃል።