የእሑድ አራት ሰዓት

ልጄን ሰዓት ማንበብ ያስተማርኳት በቅን ልቦና ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም። ካላንደሩን አዎ፣ ልቧ እንዲያርፍ ብዬ ነው ያስተማርኳት። ሰዓቱን ግን በቂም ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። መቀሌ የመጣሁት ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነበር፤ የከተማውን ልጅ አግብቼ ቀረሁ። በጦርነቱ ጊዜ እሱም ሥራ አጣ፣ የእኔም ደመወዝ ቆመ። አብረን ስንራብ አልተለያየንም፤ ሥራው ተመልሶ እንጀራው ሲገኝ ተለያየን። ሽማግሌዎች ተቀመጡና ልጅቷ ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ እሱ ደግሞ በየእሑዱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲወስዳት ጨረሱ። እሱ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ተማሪዎች የሚከራዩበት ግቢ ውስጥ ቤት ያዘ። እኔና ልጄ ሓወልቲ፣ ለቢሮዬ ቅርብ በሆነች አንዲት ክፍል ቀረን። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።

በየጠዋቱ ዓይኗን ከመግለጧ፣ “እማ፣ ዛሬ የባባ ቀን ነው?” ትለኛለች።

“አይደለም።”

“ነገስ?”

“ነገም አይደለም።”

ማክሰኞ ይህን መመለስ ቀላል ነው፤ ሐሙስ ላይ ግን አንጀቴን ትበላው ጀመር። ከቢሮ አንድ የባንክ ካላንደር ይዤ መጣሁና ከአልጋችን አጠገብ፣ እጇ በሚደርስበት ቁመት ሰቀልኩት። ፊደል ገና ስላልለየች ከቀናቱ ስም በላይ ሥዕል ሣልኩላት። ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤት ቦርሳ፤ ቅዳሜ ልብስ ስለማጥብ ሳፋ፤ መጨረሻ ላይ ያለው እሑድ ጫማ፤ አባቷ ሲመጣ አዲሱን ጫማዋን ስለምታደርግ። ማታ ጥርሷን ታጥባ ከመተኛቷ በፊት የዋለችበትን ቀን በእርሳስ ትሰርዛለች። ጠዋት ስትነሳ ከተሰረዘው ቀጥሎ ያለውን በጣቷ ትነካና “ዛሬ” ትላለች። ከዚያ እስከ ጫማው ድረስ ትቆጥራለች። በትምህርት ቤትና በጎረቤት ትግርኛ ስለምትሰማ አቆጣጠሯ የተደባለቀ ነበር፤ “ሓደ፣ ክልተ” ብላ ትጀምርና “ሦስት፣ አራት” ላይ ወደ እኔ ትመለሳለች።

መጀመሪያ ላይ በየሣጥኑ ጥግ ያለችው ትንሽ ቁጥር አሳሳተቻት።

“ትልቁ ቁጥር የእኛ ነው። ትንሹን ተዪው፤ የፈረንጅ ነው” አልኳት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዛሬው ሰኞ ቀጥ ብላ ወደ ታች ወርዳ፣ ከሥሩ ያለውን ሰኞ “ነገ” አለችው። ጣቷን ይዤ ወደ ጎን እየወሰድኩ፣ መስመሩ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ እየመለስኩ አሳየኋት። ሠላሳ ላይ ደርሰን ገጹን ስንገለብጥ፣ አዲሱ ወር ከመስመሩ መሐል ሲጀምር ተናደደች።

“ለምን ከዳር አይጀምርም?”

“ትናንት ረቡዕ ከነበረ ዛሬ ሐሙስ ነዋ። ወሩ ይለወጣል እንጂ ቀን አይዘልም።”

በሁለት ወር ውስጥ የጠዋቱ ጥያቄ ቆመ። “ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሁለት ቀን ቀረው” ብላ ትነሳ ነበር። ያ ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነበር።

ክፉው እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ አጥቤያት፣ ጸጉሯን ሠርቼ፣ ጫማዋን አድርጌላት በር ላይ ትቀመጣለች። አራት ሰዓት ይሆናል፤ የለም። አራት ተኩል ይሆናል፤ የለም። አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሰዓት ስለማታውቅ “አራት ሆነ?” ስትለኝ “ገና ነው” እላታለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ እንኳ “ገና አራት አልሆነም” ብያት አውቃለሁ። የእሱን ገመና የሸፈንኩት ለእሱ ብዬ አልነበረም።

አንድ እሑድ ስድስት ሰዓት አልፎ መጣ። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። “ጓለይ! ጓለይ!” እያለ፣ በትግርኛ ልጄ ልጄ ማለቱ ነው፣ አነሳት። ማታ ስመግባት እንዲህ አለችኝ፦

“ባባ ጎበዝ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ ሁልጊዜ ረፈደ፣ ረፈደ የምትይኝ። ባባ ረፈደ አይልም።”

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ ገበያ ሄጄ፣ ቁጥሮቹ ደማቅ የሆኑ የግድግዳ ሰዓት ገዛሁ።

በደንብ አስተማርኳት። በልጅነቴ እኔን ማንም እንደዚያ አላስተማረኝም። አጭሩ ዘንግ የሰዓት፣ ረጅሙ የደቂቃ መሆኑን ነገርኳት፤ መጀመሪያ ግን ረጅሙን እንዳታየው፣ አጭሩን ብቻ እንድትከተል አደረግኩ። ካላንደሩ ላይ እንዳደረግነው ሁሉ ከምንሠራው ነገር ጋር አያያዝኩት። አጭሩ አንድ ላይ ሲሆን ቁርስ፤ ሁለት ላይ ሲሆን መማሪያ ክፍል ትገባለች፤ ስድስት ላይ ምሳ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ እናት “ኣደይ” የምንላቸው ጎረቤታችን ዘንድ ትቆይና አሥራ አንድ ላይ እኔ እመጣለሁ፤ ማታ ሁለት ላይ እንቅልፍ። ቀንና ማታ አንድ ዓይነት ቁጥር መሆኑ አላስጨነቃትም። “አንዱ ሁለት በብርሃን፣ አንዱ ሁለት በመብራት” ብላ ራሷ ለየችው።

አጭሩን ስትለምድ ረጅሙን ጨመርኩ። አሥራ ሁለት ላይ ሲቆም ሰዓቱ ሞላ፤ ስድስት ላይ ሲወርድ ተኩል። ከዚያ አምስት አምስት እየዘለልን ቆጠርን። ያስቸገራት ሩብ ጉዳዩ ነበር። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አጭሩ አራትን ሊነካ ይደርሳል፤ እሷ “አራት ሆነ!” ትላለች።

“አልደረሰም። በር ላይ ነው፤ አልገባም። ረጅሙ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ያኔ ይገባል።”

በሦስት ወር ውስጥ ማንም ሳይነግራት አንብባ “ለሁለት አሥር ጉዳይ ነው፤ እንሂድ” ትለኝ ጀመር። ኣደይ ተገርመው “እንታይ ዓይነት ልጅ ናት!” አሉ። እኔም ኮራሁ። ከኩራቱ ሥር ግን እሑድን እየጠበቅኩ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ በሩ ላይ ሳይሆን ከሰዓቱ ፊት ተቀመጠች። አራት ሲሞላ ቆመች። አራት ከሩብ ሲሆን ዞራ አየችኝ። ስንት ወር ያልኩትን “ገና ነው” ያን ቀን አልተናገርኩትም። አምስት ሰዓት ላይ፣ “እማ፣ ባባ ሰዓት አያውቅም?” አለችኝ።

“ያውቃል” አልኳት። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩላትም፤ መጨመርም አላስፈለገም። ፊቷ ላይ የሆነውን ሳይ ግን የፈለግኩትን በማግኘቴ አፈርኩ።

ሦስት አራት እሑድ እንደዚያ ሄደ። ሲመጣ መሮጧን አቆመች፤ “ችግር የለም” ትለዋለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከውጭ የትናንቱን ልብስ ሰብስቤ ስመለስ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአራት አሥር ጉዳይ ይላል። ስልኬን አየሁ፤ አምስት ከሩብ ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ ቀረብኩ፤ ይሠራል። በርጩማው ከሥሩ ቆሟል። ልጄ ጫማዋን አድርጋ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባትሪ ስቀይር ከጀርባው ያለችውን መጠምዘዣ ሳዞር አይታኝ ነበር።

“አንቺ ነሽ የነካሽው?”

ወዲያው አባቷ በሩን አንኳኳ። ሮጣ ከፈተችለትና እጁን ይዛ ወደ ሰዓቱ ጎተተችው።

“ባባ፣ እየው! ለአራት አሥር ጉዳይ ነው። አልረፈደብህም። ቀድመህ መጣህ!”

እሱ ሳቀ። ጨዋታ መስሎት ነው፤ አሁን ሳስበው ጨዋታ መስሎት ነው። ያ ሳቅ ግን ውስጤ የተጠራቀመውን ሁሉ ነካው።

“አትሳቅ። አምስት ተኩል ሊሆን ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የአንተን ነውር ለመሸፈን በርጩማ ላይ ወጥታ ሰዓት አዞረች። ይኼ ያስቃል?”

“ልጅቷ ፊት አትጩኺ።”

“ልጅቷን ነው የምታስጠብቃት!”

“አንቺ ነሽ ያስተማርሻት” አለኝ ዝግ ብሎ። “ሰዓት አይደለም ያስተማርሻት። እኔን መቁጠር ነው። ልጄን ዘበኛ አደረግሽብኝ።”

እውነቱን ነው፤ እኔም ግን እውነቴን ነበር። ብዙ ተባባልን። ልጄ በመሐላችን ቆማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። በመጨረሻ በርጩማው ላይ ወጥታ ሰዓቱን ከሚስማሩ አወረደችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

“አስተካክዪው፤ ሁለተኛ አልነካም” አለችኝ።

ያን ቀን ይዟት ሄደ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደቂቃ ሳያሳልፍ መለሳት። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም። ሽማግሌዎቹን እንዲያናግሩት ስለምናቸው “ሲመቸው ይመጣል፤ ቀን አትቁረጡበት” የሚል መልእክት ይዘው መጡ። ልጄ እሱ ዘንድ ስትደውል “ቶሎ እመጣለሁ፣ ጓለይ” ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን እርሳሷን ይዛ ካላንደሩ ፊት ቆማ፣ “ቶሎ የትኛው ላይ ነው?” ብላ ጠይቃኝ ነበር። የማሳያት ሣጥን አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሄደ። በዓመት አንዴ፣ ሳይናገር ይመጣል፤ ስጦታ ያመጣል፤ እሷ እጁን ስማ ታመሰግነዋለች።

አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። መምህሯ ስለ ሰዓት ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ ያወጧት እሷን ነው፤ “ቤት ማን አስተማረሽ? ጎበዝ እናት አለሽ” አሏት። ይህን ስትነግረኝ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፤ ፊቴን ሳላዞር “ጎሽ” አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ረዘመና ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ከትምህርት ቤት እወስድሻለሁ ያልኳት አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ደረስኩ። ግቢው ባዶ ነው። ጥበቃው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ትንፋሼ እስኪቆረጥ ሮጬ ነበር የመጣሁት፤ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ አለቃዬ ተናገርኩ፣ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና “ችግር የለም” አለችኝ። ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ራሷ አዘለችውና ቀድማኝ ወደ መንገዱ ወጣች።