የአቶ ሙሉጌታ ንፍፊትና የኡሙሃኒ እብጠት

ድሬሰር ታሂር በቆቦ ክሊኒክ ዐሥራ አራት ዓመት ሲያገለግል ከሁሉ አሳምሮ የተማረው «እሺ ጌታዬ» ማለትን ነው። ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ሌላ እስኪላክ ጠብቅ ሲሉት፣ እሺ ጌታዬ። ሌላው በሁለት ዓመቱ ሲላክ፣ እሺ ጌታዬ። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ደግሞ በወር ማጠቃለያው ላይ «ረሃብ» ብሎ ጽፎ ወረቀቱ ሲመለስለት፣ ቃሉን ሰርዞ «የዝናብ እጥረት» ብሎ ተካው። እሺ ጌታዬ አለ። ዝናብ ያጠረው ሕዝብ ከራያ ቆላ እየፈለሰ መንገድ ዳር በተሠራው መጠለያ ተኮልኩሎ፣ በቀን አምስትም ስድስትም ይቀበር ነበር።

ይህን እጥረት ለማጥናት በነሐሴ መጀመሪያ የመንግሥት ሹሙ አቶ ሙሉጌታ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጡ። ጥናቱ ሦስት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያውን ቀን ከመንገዱ አረፉ፤ ሁለተኛውን አንድ ባላባት ቤት ተጋበዙ፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንገታቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ክሊኒኩ ደረሱ። ደጁ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። መቆም ያልቻሉትም ተጎትተው ለቀቁ።

«ታሂር፣ አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኛል» አሉ። «ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል መግባት አለብኝ። አስቸኳይ ነው ብለህ ወረቀት ጻፍልኝ። መርፌም ውጋኝ።»

ታሂር እጁን ታጥቦ ከአገጫቸው አጥንት ሥር ዳሰሰ። ባቄላ የምታክል ንፍፊት ናት። ለስላሳ ናት፤ በጣት ሲገፏት ሸርተት ትላለች። ሲነካት አቶ ሙሉጌታ «ኧረ ቀስ!» አሉ።

«ጉንፋን ይዞዎት ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት። አሁንም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።»

አፋቸውን አስከፍቶ አየ። ትንሽ ቀላ ብሏል፤ መግል የለውም። ትኩሳትም የላቸውም።

«ይቺ ጤና ናት ጌታዬ» አላቸው። «አንገታችን ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ዕጢዎች አሉ። ጉንፋን ሲገባ ሥራ ይበዛባቸውና ያብጣሉ፣ ያማሉ። ጉንፋኑ ሲሄድ እሷም በሁለት በሦስት ሳምንት ትሟሽሻለች። በጨው ውኃ ይጉመጥመጡ፤ ሕመሙ ከጠናብዎት አስፕሪን ይዋጡ፤ በእጅዎ አይነካኳት። በሦስት ሳምንት ካልጎደለች ወይም እያደገች ከሄደች ያን ጊዜ ይታዩ።»

«መርፌስ?»

«ለጉንፋን አይሆንም። ያለኝም አምስት ብልቃጥ ነው፤ ሳንባቸው ለተያዘ ሕፃናት አስቀምጬዋለሁ።»

አቶ ሙሉጌታ በሕይወታቸው ጤነኛ ነዎት ተብለው እንደዚያ ቀን ተቀይመው አያውቁም። የሚያመኝን እኔ አውቃለሁ፣ ጓዜን ጭኜ እስክመለስ ወረቀቱ ይቆየኝ ብለው ወጡ።

ከእሳቸው ቀጥላ የገባችው ኡሙሃኒ ናት፤ ከዋጃ አካባቢ የስድስት ዓመት ልጇን ዚነትን አዝላ መጥታ መጠለያው የገባች። የመጣችው ለልጅቷ ሳል ነበር። ታሂር ልጅቷን መርምሮ ሲጨርስ እናቲቱ ሻሿን በዚያ ሙቀት እስከ ትከሻዋ ጥብቅ አድርጋ መጠምጠሟን አየ።

«አንገትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አይደል ሐኪም። ያንተ እንግዳ ያመዋል፤ የኔ ወላሂ አያመኝም።»

«ካላመመሽ ለምን ትደብቂዋለሽ?»

«ነቀርሳ ያለበት ከመጠለያ ይባረራል አሉና።»

ፈቃዷን ጠይቆ ሻሹን ገለጠ። ከአንገቷ ግርጌ በግራ በኩል የዶሮ እንቁላል የሚያክል እብጠት ተቀምጧል። ጫነው፤ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ድንጋይ ነው። ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። ከፋሲካ በፊት ሽምብራ ታክል እንደነበረች፣ ጉንፋንም ጉሮሮም እንዳልነበራት፣ ሌሊት ሌሊት ልብሷ እስኪጨመቅ እንደሚያልባት ነገረችው። ከስተሻል ወይ ብሎ ሊጠይቃት አስቦ አፈረ። እዚያ ግቢ ያልከሱት አቶ ሙሉጌታ ብቻ ናቸው።

«ማክሰኞ አንድ አዋቂ በጋለ ማጭድ ሊተኩሱልኝ ነው» አለችው።

«እንዳታስነኪው። የማያመው ነው የሚያስፈራኝ፤ ጉንፋን ሳይኖር መጥቶ፣ ጠጥሮ፣ ወራት እያደገ። ምን እንደሆነ እኔ በእጄ ላውቀው አልችልም። ደሴ በመርፌ ቀድተው ያዩታል፣ ደረትሽንም በራጅ ያነሡሻል። መድኃኒት ያለው ሊሆን ይችላል፤ ከዘገየ ግን እንጃ።»

ኡሙሃኒ ልጇን አየቻት። «በምን እሄዳለሁ?»

ታሂርም የቸገረው ይኸው ነበር። ያለችው መኪና አንድ ናት፤ ከእሷ በኋላ ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላህ ይወቅ። ሁለት ወረቀት ጻፈ። በአንዱ «የጉንፋን ንፍፊት፣ አስቸኳይ አይደለም»፣ በሌላው «ጠጣር፣ የማይነቃነቅ፣ ሕመም የሌለው፣ በማደግ ላይ ያለ፤ በአስቸኳይ ይመርመር» ብሎ ፈርሞ እናትና ልጅን ይዞ ወጣ።

ላንድሮቨሩ ተጭኖ ቆሟል። ከፊት አቶ ሙሉጌታና ሾፌሩ አባይ፤ ከኋላ የማር እንስራ፣ የቅቤ ቅል፣ የአልጋ ጓዝ። በተረፈችው ቦታ ባላባቱ የሸለሙት ሙክት በግ ተንደላቆ ተኝቷል። የዝናብ እጥረቱን ያጠኑት በእነዚህ መሆኑ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ደሴ መድረስ አለባት።»

«ቦታ የለም፤ አታይም?»

«በጉ ቢወርድ ይበቃታል።»

«ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ነውር አታውቅም? እኔስ በሽተኛ አይደለሁም?»

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ላይ የሚመጣ መልስ ነበረ። ታሂር አፉን ከፈተ፤ እሺ የምትለው ቃል ግን አልወጣ አለችው። የኋላውን በር ከፈተና በጉን በቀንዱ ያዘ። አባይ ሳይጠሩት ወርዶ በኋላ እግሩ አነሣለት።

አቶ ሙሉጌታ ሊጮኹ ተነፈሱ። ጩኸቱ ጉሮሯቸው ሲደርስ ያቺ የባቄላ ፍሬ ጨምድዳ ያዘቻቸውና እጃቸውን አንገታቸው ላይ ልከው ዝም አሉ። ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርጋቸው በጉ መሬት ላይ ቆሟል፣ ኡሙሃኒ ዚነትን ታቅፋ በቦታው ተቀምጣለች፣ አባይም ሞተር አስነሥቷል። ለታሂር ንፍፊት እንዲህ የጠቀመው ያን ቀን ነው።

«አብሽሪ» አላት በመስኮቱ። «ወረቀቱን እንዳትጥይው።»

በጉ ለመጠለያው ሕፃናት መረቅ ሆነ።

በጥቅምት ከሆስፒታሉ አጭር ደብዳቤ መጣ። የዕጢ ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት ነው፤ ሳንባዋ ነፃ ነው፤ መድኃኒት ጀምራለች፤ ከዓመት በላይ ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት፤ እብጠቱ መሟሸሽ ጀምሯል፤ መላካችሁ መልካም ነው ይላል። ከግርጌው ሌላ ሰው ጽፎላት «ሐኪም፣ ዚነት ወፍራለች» የሚል ነበረበት። ታሂር ይህችን መስመር ደጋግሞ አነበበና ዓይኑን ጠረገ።

በዚያው ሳምንት የአቶ ሙሉጌታ ሪፖርት ግልባጭ ደረሰው። በአካባቢው የዝናብ እጥረት ቢኖርም የሕዝቡ ጤንነት አጥጋቢ ነው፤ አጥኚው ራሳቸው ያደረባቸው ብርቱ የአንገት ሕመም ያለ ሕክምና በዐሥር ቀን ድኗል ይላል። ታሂር ገጹን ገለጠ። «የደረሰ ጉዳት» በሚለው ርእስ ሥር የሟቾችን ቁጥር ፈለገ፤ አጣው። የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦

«በቆቦ ከተማ፣ አንድ ሙክት በግ።»