ጦሳ ከበረንዳው የሚታይ

ደላላ ነኝ ስል ሰው ወይ የቤት ሠራተኛ የማስቀጥር ይመስለዋል፣ ወይ ይስቃል። የማሻሽጠው ቤት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ለቴሌግራም ቻናሌ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። በዚህ ሥራ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ከፎቶው ሥር የምትገባዋ ጽሑፍ ናት። ሌላው ደላላ «ምርጥ ቤት! ፍጠኑ!» ብሎ ይለጥፋል። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ቤት አልጽፍም። ይህ ኩራቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አንዲት ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ደወለችልኝ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በስሟ የገዛችው አፓርትመንት አለ፤ እናቷ ይኖሩበታል። እሱን ሸጣ ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ልትከፍት፣ እናቷንም እዚያው ልትወስድ አስባለች። ፎቶዎቹን ባለፈው ስትመጣ አንስታቸው ኖሮ ላከችልኝ።

«እናቴ ግን እንዳትሰማ» አለችኝ። «ገዢ ሲገኝ እመጣለሁ። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ራሴ ነኝ የምነግራት። ከሰው አፍ ከሰማች አልችለውም። ወደ ቤቱ ድርሽ እንዳትዪ።»

እሺ አልኳት። ግን አላስቻለኝም። ፎቶ ይዋሻል፤ ግድግዳው ውሃ ያስገባ እንደሆን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ አይናገርም። በማግስቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። «እዚህ ሕንፃ ላይ የሚከራይ ክፍል ይኖር ይሆን ብዬ ነው» አልኩ።

እናትየው ከላይ እስከ ታች ቃኙኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ? ግቢ፣ በር ላይ አይወራም» አሉኝ። ሻይና ትኩስ ቂጣ አቀረቡልኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ቤቱን አሳዩኝ፤ ልጃቸው የገዛችው ነውና መኩራታቸው ነበር። ኩሽናው ውስጥ ልጅቷ ያሠራችው የእንጨት መደርደሪያ አለ። በረንዳው ላይ ስንወጣ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ተገተረ። ከታች አንዲት ጎረቤት ጮክ ብላ ጠራቻቸው፤ እሳቸውም ገመድ የታሰረበት ዘንቢል ወደ ታች ለቀቁላት። ከደሴ ዙሪያ የመጣ ጎመንና ድንች ሞልታ መለሰችላቸው።

«ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ካለኝ ቆየ» አሉኝ ገመዱን እየሳቡ። «እሷ ባትኖር ምን እሆን ነበር? እንደ እህቴ ናት።»

ኮምቦልቻ ማን ዘንቢል ይሞላላቸዋል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ልወጣ ስል ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ፤ ክፍል ከሰማሁ እደውልልሻለሁ ብለው። ምን ልበል? ሰጠኋቸው።

የዚያኑ ቀን ለጠፍኩት።

«አዲስ የሚሸጥ አፓርትመንት፣ ደሴ ሆጤ። ሁለተኛ ፎቅ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ንጹሕ መታጠቢያ። ኩሽናው በእንጨት መደርደሪያ የተሟላ። የራሱ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ፣ ውሃ በማይኖርበት ቀን የሚያገለግል ታንከር ያለው። ጠዋት ፀሐይ የሚገባው፣ ጦሳ ከበረንዳው የሚታይ። ካርታ ያለው። ዋጋ በስምምነት። ቤቱን ማየት በቀጠሮ ብቻ። በዚህ ቁጥር ይደውሉ ወይም በቴሌግራም ይጻፉልን።»

ሥሩ ላይ ቁጥሬን አስገባሁ። ስለ ጎረቤቲቱ አልጻፍኩም፤ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ስልኬ ከዚያ ወዲያ ማረፊያ አጣ። ከደዋዮቹ አንዷ እናትየው ነበሩ።

«ልጄ፣ ክፍል አግኝቼልሽ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። «የታችኛዋ ጎረቤቴ ዘመድ ጋ ነው። እንድትደውልልሽ ብዬ ቁጥርሽን ለልጇ ብሰጣት፣ ‹ይቺማ ቤት ሻጯ ናት› ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የኔን በረንዳ።»

ያኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ወዲያው ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ማስታወቂያውን ከቻናሌ አጠፋሁት። ማጥፋት መቼም ቀላል ነው። ግን የእኛ ደላሎች አመል ይታወቃል፤ የሰው ጽሑፍ ቃል በቃል ይገለብጡና ሥሩ ያለውን ቁጥር ብቻ በራሳቸው ይተካሉ። ጦሳዬን ሦስት ቻናል ላይ አገኘሁት፣ ሦስቱም ላይ የማላውቀው ቁጥር አለበት። ለእያንዳንዳቸው ደውዬ ለመንኳቸው። አንደኛው «ገዢ ይዘሽ ልትደብቂን ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አነበቡልኝ» አሉኝ። «አሳምረሽ ነው የጻፍሽው። እኔ እንኳ ቤቴ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስነሱኝ። «አብሽሪ፣ ሥራሽ ነው» አሉኝ።

ስለ ሱቁም፣ ልጅቷ ራሷ ልትነግራቸው ማሰቧንም ነገርኳቸው። «እማማ፣ ለልጅዎ ይንገሯት» አልኳቸው። «መውጣት እንደማይፈልጉ ይንገሯት። ትተወዋለች።»

«ትተወዋለች፣ አውቃለሁ። ለዚያ እኮ ነው የማልነግራት። ቤቱ የሷ ላብ ነው። ሰው አገር ስትንከራተት ወጣትነቷ አለቀ፤ አሁን ተመልሳ የራሷን ነገር ልትጀምር ብትል እኔ ደረጃው ላይ ልቀመጥባት? መስማቴን እንዳታውቅ። ራሷ ልትነግረኝ አስባ የለ? ትንገረኝ። ወላሂ በይ።»

ወላሂ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነበር፤ «አልሰማችም አይደል?» አልሰሙም እላታለሁ። «አላህ ይስጥሽ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ባይገጥመኝ ምን ይውጠኝ ነበር» ትለኛለች። ምርቃቷን ስሰማ ስልኩን የምወረውርበት አጣለሁ። አንድ ሁለቴ እቅጩን ልነግራት አፌን ከፍቼ ወላሂው ያዘኝ። ለእናት የማልኩትን ብጠብቅ ልጅን እዋሻለሁ፤ ለልጅ እውነቱን ብናገር እናትን እከዳለሁ። ይህን ሁሉ ያመጣሁት አንድ ማስታወቂያ ላሳምር ብዬ ነው።

ገዢው ተገኘ። ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ ሙቀቱ ያስመረረው ሰው ነው። ጽሑፌን ከሌላ ቻናል ላይ አንብቦ፣ ጠያይቆ እኔ ጋ ደረሰ።

ልጅቷ መጣች። ለእናቷ ከነገረቻቸው በኋላ ጠራችኝ፤ ቤቱን ለገዢው ከማሳየታችን በፊት አንቺ እዪው ብላ። ስደርስ ዓይኗ አብጧል። እናትየው ጎኗ ተቀምጠው ጀርባዋን እየደባበሱ፣ «ምነው እስካሁን ሳትነግሪኝ? እኔ እኮ ደስታዬ ነው» ይሏታል።

«እማ፣ ደላላዋ ይቺ ናት» አለች ልጅቷ።

እናትየው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ዓይኔን አላዩም።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው። ያን ቀን እንደነገርኳቸው አድርጌ፣ የአባቴን ስም፣ የመጣሁበትን ቀበሌ።

«ግቢና እያት እንግዲህ» አለችኝ ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። «ሳታዪው እንኳ እንዲያ አሳምረሽ የጻፍሽው ቤት ነው።»

ጫማዬን አወለቅኩ። ከዚያ መኝታ ቤቶቹ በየት በኩል እንደሆኑ እናትየውን ጠየቅኳቸው።