ይዞ የማይለቅ ደም

ማደንዘዣ መስጠት ሥራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። በፍኖተ ሰላምም በቡሬም በኩል ሠርቻለሁ። ይህ የሆነበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጠቡ ከሕንፃው ጋር አይደለም። የምናገረው ስለ አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ሴትየዋን ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር አመጧት። ሁለት ቀን ምጥ ላይ ቆይታ ማሕፀኗ ተቀዷል። እስከ መኪና መንገዱ ድረስ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ ከዚያ በአምቡላንስ ደረሰች። ዝናቡ አላባራ ብሎ ስለነበር የተጠቀለለችበት ጋቢ ርሶ ከሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ባሏና እናቷ ተከትለዋት ገቡ። ሕፃኑ በሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር። እሷም ልትሞት ምን ቀራት!

የቀዶ ሐኪሙን እጅ አላማም። በፍጥነት ከፈተ፣ የሚደማውን ያዘ፣ ማሕፀኗን ሰፋ። እኔ በአፏ ቱቦ አስገብቼ፣ ማደንዘዣውን ሰጥቼ፣ ደሙንና መድኃኒቱን እከታተላለሁ። የመተንፈሻ ማሽኑ ተበላሽቶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ከድንገተኛ ክፍል የተጠራ ጎልማሳ ነርስ በእጅ የሚጨመቀውን ከረጢት ይዞ ያስተነፍስላታል። ከረጢቱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ላይ አጣርቶ ከሚሰጥ አንድ አሮጌ መሣሪያ ነበር።

ሐኪሙ ከሆዷ ቀና ሳይል፣ «ፍጠን፣ ጭመቅ! መቶ አድርገው!» ይላል። ነርሱም ይጨምቃል። ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ መቶ ሲል ሁሉም እፎይ አሉ።

እኔ ግን እግሯን ነካሁት። የጅረት ድንጋይ ነው።

ሁለት ከረጢት ደም ከማቀዝቀዣው ወጥቶ እንዳለ ገብቶላታል። የደም ማሞቂያ እንዲገዛ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ፣ ሁለቱንም ጊዜ «አጣዳፊ አይደለም» ተብያለሁ። ሆዷ የታጠበበትም ውኃ ቀዝቃዛ ነበር። ብብቷ ሥር ቴርሞሜትር ባደርግ፣ ቁጥር እንኳ አላወጣልኝም፤ ከመጠን በታች ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየኝ።

ቀዶ ሕክምናው አለቀ። ማደንዘዣውን አቆምሁ፤ ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት ማርከሻም ሰጠኋት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አትነቃም። ይባስ ብሎ በራሷ አንድ ጊዜ እንኳ አትተነፍስም። ሽንቷም ቆሟል። መለኪያው ግን መቶ፣ መቶ፣ መቶ ይላል።

ለሐኪሙ፣ «ዶክተር፣ ይህች ሴት እየተጎዳች ነው» አልሁት።

ጓንቱን እያወለቀ፣ «ኦክስጅኗ መቶ ነው። ከመቶ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«መለኪያው ደሟ ኦክስጅኑን መያዙን ነው የሚናገረው። መልቀቁን አይናገርም።»

ነገሩ ለሰው ሁሉ የሚገባ ነው። በደማችን ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ከሳንባ ይጭናል፤ ሥራ የበዛበት የሰውነት ክፍል ዘንድ ሲደርስ ያራግፋል። የት ማራገፍ እንዳለበት የሚነግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀት፣ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሦስቱም የሚበዙት የሥጋው ሥራ በበረታበት ስፍራ ስለሆነ፣ ሄሞግሎቢኑ እዚያ ሲደርስ ጭነቱን ቶሎ ይለቃል። ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለማሳየት በኮሌጅ ሳለን የምንሥለው መስመር ወደ ቀኝ ሄደ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ፣ አሲዱ ሲቀንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ተጠርጎ ሲወጣ ግን መስመሩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሄሞግሎቢኑ የያዘውን ጨብጦ ይመለሳል። በማቀዝቀዣ የሰነበተ ደም ደግሞ እንዲያውም አጥብቆ የመያዝ አመል አለው።

እኛ በዚያች ሴት ላይ ያደረግነውን እዩት። አቀዘቀዝናት። የሰነበተ ደም ሞላንባት። በደቂቃ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እየጨመቅን ካርቦን ዳይኦክሳይዷን ጠረግነው። በራሷ እንድትተነፍስ አንጎሏን የሚቀሰቅሰውም ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱን ከጠረግን በኋላ «ለምን አትተነፍስም?» ብለን እንጠይቃለን!

ሐኪሙ አሰብ አደረገና፣ «ብዙ ደም ፈሷታል፤ ደሟ አሲድ ሆኗል። አሲዱን እንዲያጠፋላት ባይካርቦኔት ሁለት አምፑል በፍጥነት ስጫት» አለ።

«የደሟን አሲድ የምንለካበት መሣሪያ የለንም። አሲድ ካለባትም አሁን ኦክስጅኑን ከሄሞግሎቢኑ የሚያስለቅቅላት እሱ ብቻ ነው። እሱንም ከወሰድንባት ምን ይቀራታል? አሲዱ ደሟ ሲሞላና ስትሞቅ ራሱ ይቀንሳል።»

«የኮሌጅ ተማሪ አደረግሽኝ?»

«አይደለም፤ ግን አልሰጥም።»

ሐኪሙ አፍጥጦ አየኝና፣ «አልሰጥም ያልሽውን በጽሑፍ ታደርጊዋለሽ» ብሎ ወጣ። አልፈራሁትም፤ ተናደድሁ።

ደረቅ ልብስ ፍለጋ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሲስተር፣ ዶክተሩ ሲያልፉ አየሩ መቶ ነው፣ ሙሉ ነው ብለውኛል። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ፤ ጎተራው ሙሉ ከሆነ ቤቱ ለምን ይራባል?»

ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ተምረናል ያልነው ያልጠየቅነውን ጠየቀ።

«ጎተራው ተቆልፎ ነው» አልሁት። «ልንከፍተው እየሞከርን ነው። ደረቅ ጋቢ አላችሁ?»

እናቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈው ሰጡኝ። «እርስዎስ እማማ?» ብላቸው፣ «እኔን ተይኝ ልጄ፤ እሷን አልብሻት» አሉኝ።

እርጥቡን አንሶላ ሁሉ ከሥሯ ጎትቼ አወጣሁ። በጋቢውና በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለልናት፤ ራሷንም ሸፈንሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከሻይ ቤቱ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አመጣችልኝ። በሳፋ ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቅዬ፣ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ መሆኑን በክንዴ ለካሁ፤ ውኃው ከበረታ ደሙን ያበላሸዋልና። ተጨምሮ የመጣውን የሦስተኛውን ከረጢት ደም ቱቦ ጠምዝዤ በዚያ ውኃ ውስጥ አሳለፍሁት። የሚንጠለጠለውንም ግሉኮስ እንዲሁ አሞቅነው።

ወደ ነርሱ ዞርሁ። «ቀስ በል ወንድሜ። አንድ ጊዜ ጭመቅና እስከ አምስት ቁጠር።»

«ቁጥሩ ቢወርድስ?»

«በመጠኑ ይውረድ። እኔ አለሁ።»

ቀስ አለ። ከጎኑ ቆሜ አብሬው እቆጥራለሁ። መቶ የነበረው ዘጠና ስምንት ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ዘጠና ስድስት። የነርሱ ግንባር አላበው። እኔም ብሆን ፈርቼ ነበር፤ ማወቅ ፍርሃትን አያስቀርም።

በዚህ መሐል ሐኪሙ ተመለሰ። መጀመሪያ ያየው እሷን ሳይሆን መለኪያውን ነው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? እየወረደ እኮ ነው! ልትገድያት ነው?»

ከረጢቱን ከነርሱ እጅ ሊነጥቅ እጁን ሲዘረጋ መሐል ገባሁ። በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጠኝን ሰው እንዲህ ተጋፍጬ አላውቅም።

«ደረቷን ይዩ ዶክተር!» አልሁ።

ደረቷ ከፍ አለ። ነርሱ አልጨመቀም ነበር። ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ። በራሷ ነው።

ቀስ በቀስ ትንፋሿ ረጋ፤ ልቧ የሚሮጠው ሩጫ ቀነሰ፤ የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት ቢጫ ፈሳሽ ታየ። የምሽቱ ተረኞች ከመግባታቸው በፊት ዓይኗን ገለጠች፤ እጄን ጨብጪ ብላት ጨበጠችኝ። መስመሩ ከግራ ስለ ተመለሰ ብቻ ነው የዳነችው አልልም። ሦስተኛው ደም ረድቷታል፤ ስትሞቅ ደሟ መርጋት ጀምሯል፤ መድኃኒቱም ከሰውነቷ ወጥቷል። ነገር ግን መቶውን ቁጥር እያደነቅን ብንቀጥል ኖሮ ምን እንደምትሆን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሐኪሙ ወጣ። እናቷ በር ላይ ቆመው እጄን ስመው አለቀሱ፤ ለልጃቸው ይሁን ለሞተው የልጅ ልጃቸው አላውቅም።

እውነተኛው ንዴቴ የመጣው በሳምንቱ ነው። የተጎዱ እናቶች ጉዳይ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ተነበበ፤ «የታካሚዋ ኦክስጅን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሁሉ መቶ በመቶ ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቀቀ።» ስለ ቅዝቃዜዋ አንድ ቃል የለም፤ የሙቀቱ ቦታ ባዶ ነው። ስለ እኔ ግን አለ፤ «ትዕዛዝ አልቀበልም ብላ የታካሚዋ ኦክስጅን ዝቅ እንዲል አድርጋለች።»

ተነሣሁ። ነጭ ሰሌዳው ላይ መስመሩን ሣልሁት፤ አንዱን መሐል፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። «እዚህ ግራው ላይ ነበረች። እዚህ ያለ ሰው መቶ እያሳየ ሥጋው ኦክስጅን ሊያጣ ይችላል። እዚህ ያደረስናት እኛ ነን» አልሁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ስብሰባውን የሚመራው አለቃ ሰዓቱን እያየ፣ «ይህ የኮሌጅ ትምህርት ነው፤ እኛ ስለ ሥራ ነው የምንነጋገረው» አለኝ።

«ሥራውስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ባሏ ገበሬ ነው፤ እሱ ገብቶታል! ለእናንተ ያልገባችሁ ምኑ ነው?»

ነርሱ እንዲመሰክር ጠየቅሁ። አቀርቅሮ ተቀመጠ። ልጆች አሉት፣ ዝውውር ጠይቆ መልስ ይጠባበቃል፤ ስለዚህ በእሱ አልፈርድም። ብቻ ዝምታው ከሳቁ ይልቅ አመመኝ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። መቀበሌን ፈርሚ ሲሉኝ ከፊርማዬ በላይ «አልስማማም» ብዬ ጻፍሁበት። ሦስት ገጽ መልስ አስገባሁ፤ የሆነውን በየደቂቃው፣ ያልተመዘገበውን ሙቀት፣ ሁለት ጊዜ የተጠየቀውን ማሞቂያ ዘርዝሬ። እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሴትየዋ በዘጠነኛው ቀን ቁስሏ ደርቆ ወጣች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ባሏ ደግፏታል። «ሕፃኑን አሳቀፉኝ ወይ፣ አየሁት ወይ፤ ምንም አላስታውስም» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኋት፤ ወንድ እንደነበር፣ እናቷ በነጠላቸው ጠቅልለው እንደ ወሰዱት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በአጥሩ በር ወጥተው ወደ ቡሬ የሚሄደውን መኪና ሊጠብቁ መንገዱ ዳር ቆሙ፤ መኪናው እስኪመጣ በመስኮቱ አየኋቸው።