ቤት የመታው መሪ ቃል

ቤት መምታት እወዳለሁ። ጠባዬ ነው እንጂ ሙያዬ አይደለም፤ ሙያዬ የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ እየወጣሁና እየወረድኩ «ልጁ ተከትቧል? ካርዱን አሳዪኝ እስቲ» ስል የምውል ሰው ነኝ። ግን አንዴ የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ላይ አራት መስመር ግጥም አንብቤ ሰው አጨበጨበልኝ፤ ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያችን የሚጻፍ ነገር ሁሉ የእኔ ርስት ይመስለኛል። ስለዚህ ኃላፊያችን ለክትባት ዘመቻው መሪ ቃል እናውጣ ብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጉሬን ተሠርቼ ነው የሄድኩት።

ነገሩ ራሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ኩፍኝ አጠገባችን ያለ ወረዳ ገብቷል ተብሏል። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ አንደኛው በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር። መዝገባችን ሲገለጥ የዘጠኝ ወሩ ዓምድ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአሥራ አምስት ወሩ ግን ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አፍ ነው የሚመስለው። እያንዳንዷ ባዶ ቦታ ደግሞ ልጅ ናት፤ ግቢ ውስጥ አፈር የሚበላ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አንድ ኳስ የሚልስ ልጅ። የመሪ ቃሉ ሥራ እነዚያን ልጆች ማምጣት ነበር፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ኃላፊያችን ደህና ሰው ነው፤ ችግሩ ዓረፍተ ነገር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ስብሰባ የጠራን ልናወጣ ሳይሆን እሱ ያወጣውን ልናጸድቅ ኖሯል። ቆሞ አነበበልን፦ «የሕፃናትን መደበኛ የክትባት አገልግሎት በተሟላ ሁኔታ በማስጨረስ ጤናማና አምራች ዜጋ በጋራ እንፍጠር!»

«ምን ይጎድለዋል?» አለን።

አየር ይጎድለዋል አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «ግሩም ነው» አልኩ፤ የዓመት ፈቃዴን የሚፈርመው እሱ ነው።

አቃቂ የሚገኘው ባነር አታሚ ወረቀቱን ገልብጦ ካየ በኋላ «እህት፣ ይሄ ባነር ነው ደብዳቤ?» ብሎኝ ፊደሉን አሳንሶ አሳንሶ አስገባው። በራችን ላይ ተሰቀለ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃችንን «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ገና መጨረሻው ጋ አልደረስኩም» አለኝ።

የባሰው ግን ያነበቡት ሰዎች ነገር ነው። አንዲት እናት ጉንፋን የያዘውን የዓመት ከአምስት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች፣ ባነሩ ሥር ቆማ ከዳር እስከ ዳር አነበበችና በኩራት «እኛስ ተመስገን፣ ጨርሰናል» አለችኝ። ካርዱን ተቀብዬ ገለጥኩት። የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው።

«ይቺ ትቀራለች እኮ» አልኳት።

«ኧረ ሲስተር፣ የዘጠኝ ወሩን ወስዷል። ታላቁም በዘጠኝ ወር ነው የጨረሰው» አለች።

እውነቷን ነው። ታላቁ በተወለደበት ጊዜ ክትባት የሚያልቀው በዘጠኝ ወር ነበር፤ የአሥራ አምስት ወሩ ኋላ የመጣ ነው። ያን ቀን መዝገቡን ይዤ ስልክ ስደውል ዋልኩ፤ ከደወልኩላቸው አብዛኞቹ «ጨርሰናል» ነው ያሉኝ። ያልጨረሰን ሰው ጨርስ ይሉታል፤ ጨርሻለሁ ብሎ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠን ሰው ምን ይሉታል?

መልሱን ያገኘሁት ከአንድ አባት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የክትባት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ የእሷ ቀጣይ ክትባት በአሥራ አምስት ወር ነው» አልኳቸው።

«አሥራ አምስት ወር መቼ ነው?»

«ዓመት ከሦስት ወር።»

«ልጄ፣ ዓመትስ ይሁን፤ ሦስቱን ወር ማን ይቆጥራል?» አሉኝ። «የእኛ ቤት ሴቶች እንዲህ አይቆጥሩም። ጥርስ ስታወጣ፣ ስትድህ፣ ስትቆም ነው የሚሉት።»

ይህን እያሉ ልጅቷ ጉልበታቸውን ይዛ ብድግ አለች። እሳቸው እጃቸውን ለቀቁና ማጨብጨብ ጀመሩ። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ወንበሩ ላይ የተደረደሩት እናቶች በሙሉ፣ የማያውቋትም ጭምር፣ አብረው አጨበጨቡ። አንድ ጉንፋን የያዘው ልጅ እንኳ አጨበጨበ። እኔ ግን እስክሪብቶ እየፈለግሁ ነበር። መዳፌ ላይ ጻፍኩት፦

«ወፌ ቆመች ብለዋል? አንድ ክትባት ይቀረዋል!»

ቤት ይመታል! አጭር ነው! የማያውቀው የአማርኛ ተናጋሪ የለም! ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ተቃውሞ ያነሳችው የክትባት ክፍሏ ሲስተር ብቻ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መርፌ ስትወጋ የኖረች፣ ለግጥም ደንታ የሌላት ሴት ናት። «የአሥር ወር ልጅም ይቆማል» አለችኝ። «ያለጊዜው እየጎተቱ ያመጡብኛል።»

«ከሥሩ ዕድሜውን በትንሹ እንጽፋለን» አልኳት።

«ትንሹን ማን ያነባል?»

አላዳመጥኳትም። ኃላፊያችን በበኩሉ «አምራች ዜጋ» የምትለዋ እንዳትቀር ለመነ፤ እምቢ አልኩ፤ አኮረፈ፤ በመጨረሻ ስልክ ቁጥሩ አጠገብ ማንም በማያያት ቦታ ገባችለት።

አዲሱ ባነር በተሰቀለ ሳምንት ወንበር ጠፋ። እናቶች ባነሩን እያዩ እየሳቁ ይገባሉ። ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ የምትገባ ሚስቱን ተክቶ የመጣ አባት ልጁን እጁን ይዞ እያራመደ ገባና «ይሄው፣ ቆሟል» ብሎ እንደ ዕቃ አስረከበን። ባዶው ዓምድ ይሞላ ጀመር።

ሲስተር ያለችውም አልቀረም። ሱቅ ያላቸው አንድ የወሎ ሰው ወንድ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ።

«ስንት ወሩ ነው?» አለች ሲስተር።

«አሥር። ግን ወላሂ ትናንት ማታ ቆሟል!»

«አሥራ አምስት ሲሞላው ይምጡ።»

«አላመንሽኝም?» ልጁን መሬት ላይ አቆሙት። ልጁ ዙሪያውን አየ፣ አሰበበት፣ በቂጡ ዝርፍጥ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ልጃቸውን አነሱና በንዴት «ታዲያ ዕድሜ አትጽፉም? እግር ምን አጻፋችሁ!» አሉ። ሲስተር ዞር ብላ እኔን ብቻ አየችኝ።

ግድ አልሰጠኝም፤ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ከክፍለ ከተማ የመጡ እንግዶች ባነሩ ሥር ፎቶ ተነሱ። ኃላፊያችን «በቡድን ተወያይተን ያመጣነው ነው» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን ነፈግሁት። እሱ ግን መንፈጌን ራሱ አላወቀም፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ።

በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ላይ የቀሩት ባዶ ቦታዎች ጥቂት ነበሩ። ቤት ለቤት ሄጄ አንድ በአንድ ዘጋኋቸው፤ አንዱ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ሌላው የግል ክሊኒክ ተከትቧል። የመጨረሻው ልጅ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን የወጣሁት ተናድጄ ነበር። የልጁን እናት በመልክ አውቃታለሁ፤ አትክልት ልትገዛ በየቀኑ በበራችን ታልፋለች። የማለፏን ያህል ባነሩን ታነባለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስደርስ የምናገረውን ቁጣ በሙሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ከፈተችልኝ። «ግቢ ሲስተር፤ ደክሞሻል፣ ውሃ ላምጣልሽ?»

«ውሃው ይቆየን» አልኩ። «በየቀኑ በራችን ላይ ታልፊያለሽ። የተጻፈውን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። ያምራል። ቤትም ይመታል» አለች።

«ታዲያ?»

ወደ ምንጣፉ ዞር አለች። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በግራም በቀኝም በኋላም ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። አንገቱ ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ እኔን ሲያይ በሙሉ ፊቱ ሳቀልኝ።

«እኛ ቤት ገና አልተባለም» አለች። «ሆስፒታል እየተመላለስን ነው፤ ይዘገያል ብለውኛል። ሲቆም አመጣዋለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያዘጋጀሁት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅበት ከነበረው ጽሑፍ ሥር ይቺ ሴት ቲማቲም ይዛ በየቀኑ ስታልፍ ነበር፤ በየቀኑም ልጅሽ ገና ነው ይላታል። ጻፊው ያለኝ የለም፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አፈርኩ።

«ክትባቱ እግር አይጠይቅም» አልኳት። «ዕድሜው ከደረሰ ቆየ። ስህተቱ የእኔ ነው። አሁን እንሂድ።»

«ለእሱም ይሰጠዋል?»

«ለእሱም።»

አዘለችው። ሙሉውን መንገድ አንገቱን በነጠላዋ ደግፌ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። በሩ ጋ ስንደርስ እሷ ቀና ብላ ባነሩን አየችው፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ለብዙ ልጅ የሚበቃው የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተሰጠው ይጣላል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሌላ የሚከተብ ልጅ አልነበረም። ሲስተር ልጁን አየችው፣ ካርዱን አየችውና አዲስ ብልቃጥ ለእሱ ብቻ ከፈተችለት። የላይኛው ክንዱ ላይ ወጋችው። ልጁ ጣራው እስኪነሳ ጮኸ። ከልጅ ሁሉ ጩኸት ምንም የተለየ አልነበረም፤ እናቱ ይህን ስትሰማ እያለቀሰች ሳቀች።

ሲስተር የመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑን ጻፈችና ካርዱን መለሰችላት። እናቱ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «ጨረሰ ማለት ነው?» አለች።

«ጨርሷል።»

ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ ካርዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እንደ እኩዮቹ የጨረሰው የመጀመሪያው ነገር ነው» አለች።

ወደ በሩ ወጣሁ። በባነሩ ቦታ ምን እንደምጽፍ ገና አላወቅሁም ነበር፤ ጥበቃውን ግን መሰላል እንዲያመጣልኝ ጠየቅሁት።